አሥር ቀን ተዘሎ፣ ገና በ13 ቀን የተለያየው እንዴት ነው?

ከአገሩ ውጭ የሚኖር ሐበሻ ዲሴምበር ሲገባ የማያመልጣት ጥያቄ አለች፦ «የእናንተ ገና ለምን ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል?» የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። የሮም ጳጳስ የቀን አቆጣጠሩን አስተካክሎ አሥር ቀን ዘለለ፣ እኛ ግን አልተከተልነውም እንላለን። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጣት አጥፎ ለቆጠረ ሰው አይገጥምም። አሥር ቀን ብቻ ከሆነ ገናችን መዋል የነበረበት ጃንዋሪ 4 ላይ ነው። ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 7 ያለው ግን 13 ቀን ነው። ሦስቱ ቀን ከየት መጡ?

እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበችኝ ይህች የሦስት ቀን ጉድለት ናት። ስከተላት ከሮም ወደ እንግሊዝ ገጠር፣ ከዚያ ወደ ስዊድን፣ በመጨረሻም እኛው ቤት፣ ዓፄ ሱስንዮስ ዘመን ድረስ ወሰደችኝ። ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሣው በፋሲካ ነው። ዩልዮስ ቄሣር ያቆመው የቀን አቆጣጠር ዓመቱን 365 ቀን ከ6 ሰዓት ይለዋል። ስድስቱ ሰዓት በአራት ዓመት አንድ ቀን ይሆናል፤ እኛ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት የምናደርገው በዚሁ ስሌት ነው። እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ግን ከዚህ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። ይህች ትንሽ ትርፍ ስትጠራቀም በ128 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ትሞላለች። በኒቅያ ጉባኤ ዘመን፣ በ325፣ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑት ማርች 21 አካባቢ ነበር፤ የፋሲካም ስሌት የቆመው በዚህች ቀን ላይ ነው። ከእርሷ ወዲህ የምትሞላው ጨረቃ ትታያለች፣ ቀጥሎ ያለው እሑድ ፋሲካ ይሆናል። በ1582 ግን ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ዕለት በሰማይ ማርች 11 ላይ ደርሶ፣ መጽሐፉ ገና 21 ይል ነበር። የአሥሩ ቀን ምንጭ ይኸው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ስሕተቱን እስከ ቄሣር ዘመን ወስደው ማረም አልፈለጉም። ወደ ኒቅያ መመለስ በቂያቸው ነበር።

መፍትሔውን ያሰበው አሎይስዮስ ሊልዮስ የሚባል የደቡብ ኢጣልያ ሐኪም ነው። ሥራው ሲጸድቅ ለማየት አልታደለም፤ በ1576 ሞቶ ወንድሙ አንቶንዮ ጽሑፉን ወደ ሮም አቀረበው። የኢየሱሳውያኑ የሒሳብ ሊቅ ክላቭዮስ የነበረበት ጉባኤ መርምሮት፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1582 አዋጁ ወጣ። ሐሳቡ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው አሥር ቀን በአንድ ጊዜ መዝለል ነው። ሁለተኛው ትርፏ ዳግመኛ እንዳትጠራቀም የሚያደርግ ነው፦ በመቶ የሚያልቁ ዓመታት ለ400 ካልተካፈሉ በስተቀር ፌብሩዋሪያቸው 29 አይሆንም። ስለዚህ 1600 እና 2000 ሙሉ ሲሆኑ፣ 1700፣ 1800 እና 1900 አንድ አንድ ቀን አጡ። የጨረቃውን ስሌት ደግሞ ሊልዮስ በአዲስ የአበቅቴ ሠንጠረዥ አስተካከለው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ክፍል ነው። የበዓላትን ቀን እስከ ዛሬ ሲያምስ የኖረው ግን ሁለተኛው ነው። አቆጣጠሩን ባልተቀበለ አገርና በተቀበለው መካከል ያለው ርቀት አሥር ላይ አይቆምም። 1700 ሲያልፍ 11 ይሆናል፣ 1800 ሲያልፍ 12፣ 1900 ሲያልፍ 13። የገናችን ሦስት ቀኖች እነዚህ ሦስት የመቶ ዓመት ድንበሮች ናቸው።

ዝላዩ የተደረገው በኦክቶበር 1582 ነው። ሐሙስ ኦክቶበር 4 አልፎ ሲነጋ ዓርብ ኦክቶበር 15 ሆነ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የቀኑ ቁጥር ተዘለለ እንጂ የሳምንቱ ቀን አልተነካም። ከሐሙስ በኋላ ዓርብ መጣ፣ የሚጾም ሰው ጾመ። ይህች ነገር ወደ ኋላ በጣም ትጠቅመናለች።

ወሩ የተመረጠውም በዓል ስላነሰበት ነው። ኦክቶበር 4 የፍራንቸስኮስ በዓል ስለሆነ እርሱን አክብረው ቀጥለው ዘለሉ። በተዘለሉት ቀናት ውስጥ የወደቁትን ቅዱሳንም አዋጁ አልረሳቸውም። የሰማዕቱ ዲዮናስዮስና የባልንጀሮቹ በዓል፣ ከጳጳሱ ማርቆስና ከሰርግዮስና ባኮስ መታሰቢያ ጋር፣ በአንድነት ኦክቶበር 15 ላይ እንዲውል፣ የጳጳሱ ካሊስጦስ ደግሞ በማግስቱ እንዲሆን አዘዘ። ለአበዳሪና ለተበዳሪም አስቧል፤ የክፍያ ቀጠሮ ያለበት ሰው እንዳይጎዳ ዳኞች አሥር ቀን እንዲጨምሩለት ይላል። በስፔን፣ አልባ ዴ ቶርሜስ በምትባል ከተማ፣ እናት ቴሬዛ ዘአቪላ ያረፉት በዚያችው ሌሊት ነበር። ኦክቶበር 4 ማታ አርፈው በማግስቱ ተቀበሩ፤ ማግስቱ ኦክቶበር 15 ነው። ዛሬም መታሰቢያቸው ኦክቶበር 15 ላይ ይውላል።

አዋጁ ለሁሉም ቢታወጅም በሰዓቱ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው። ኢጣልያ በአብዛኛው፣ ስፔን፣ ፖርቱጋልና ፖላንድ በተባለው ቀን ዘለሉ። አዲሱን የቀን መቁጠሪያ የማሳተም መብት ለአንቶንዮ ሊልዮ ብቻ ተሰጥቶት ስለነበር ቅጂው ለሁሉም አልደረሰም፤ መብቱ የተነሣው ዝላዩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ፈረንሳይ የዘለለችው በዲሴምበር ነው፣ ከ9 ወደ 20። ፕሮቴስታንት አገሮች ደግሞ ሒሳቡ ትክክል መሆኑን ሊቃውንቶቻቸው እያወቁም የጳጳስ ትእዛዝ ነው ብለው ለረጅም ዘመን እምቢ አሉ። ድንበር የተሻገረ ነጋዴ አሥር ቀን ወደፊት ወይም ወደ ኋላ የሚሄድበት ዘመን መጣ።

ቀኑን የሚቀይር ሁሉ ግን ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም፤ የነገሩ እምብርት እርሱ ይመስለኛል። አቆጣጠሩ ሲለወጥ በዓሉ ይዞ የሚሄደው ቁጥሩን ነው ወይስ ቀኑን? ዲሴምበር 25 የሚለውን ቁጥር ከያዝክ፣ በዓሉ አባትህ ካከበረበት ዕለት አሥር ቀን ቀድሞ ይመጣል። ያችኑ ዕለት ከያዝክ ደግሞ ቁጥሩ ይለወጥብሃል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

እንግሊዞች በ1752 ሲቀይሩ ይህን በሕጋቸው ውስጥ በግልጽ አስፍረውታል። እስከዚያ ድረስ 1700 ስላለፈ የሚዘለለው 11 ቀን ሆኗል፤ ረቡዕ ሴፕቴምበር 2 ሲያልፍ ሐሙስ ሴፕቴምበር 14 መጣ። ሕጉ የቤተ ክርስቲያን በዓላት ቁጥራቸውን ይያዙ አለ፤ ገና ዲሴምበር 25 ይሁን። ለገበያና ለትርዒት ግን ተቃራኒውን ፈረደ፤ በዱሮው ዕለት ይቁሙ፣ ቁጥራቸው በ11 ይጨምር። ከብት የሚደልበውና እህል የሚደርሰው በፀሐይ እንጂ በወረቀት አይደለምና ይህ ብልህነት ነው። ኪራይና ዕዳም እንዲሁ የዱሮውን ዕለት ጠበቁ፤ 21 ዓመት የሚሞላው ወጣትም 11 ቀን ቀድሞ አይሞላውም ተባለ። በአንድ ሕግ ውስጥ በዓሉ በቁጥር፣ ገበያው በዕለት ሄደ ማለት ነው።

ገበሬው ግን ገናውንም እንደ ገበያው ፈልጎት ነበር። በበኪንግሃምሺር አውራጃ፣ ኳይንተን በምትባል መንደር፣ በገና ሌሊት ያብባል የሚባል የእሾህ ዛፍ ነበር። የመጀመሪያው አዲስ ገና ዋዜማ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1752፣ ከ2000 የሚበልጥ ሰው ፋኖስና መብራት ይዞ ዛፉን ሊያይ እንደመጣ በጊዜው የታተመ መጽሔት ጽፏል። ዛፉ አላበበም። ሕዝቡም ይህ እውነተኛው ገና አይደለም ብሎ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም፣ የተለመደውንም ድግስ አልደገሰም። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ በአካባቢው ያሉ ካህናት ሕዝቡን ለማብረድ የዱሮው ገና፣ ጃንዋሪ 5፣ እንደ ቀድሞው ይከበራል ብለው አስታወቁ። እነዚህን ሰዎች ስለ አላዋቂነታቸው የሚያሾፍባቸው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ይገቡኛል። ወላጆቻቸው የጾሙባትና የደገሱባት ሌሊት ሌላ ናት ሲባሉ ምስክር ፈለጉ፤ ያላቸው ምስክር ደግሞ ዛፍ ነበር።

ከእነዚህ ወገን እስከ ዛሬ የዘለቀ አለ። ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ፉላ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ሕዝቧ ገናን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 6 ላይ ነው። ለምን 5 ወይም 7 አልሆነም? በ1800 የመቶ ዓመቱን ድንበር ሲሻገሩ የዱሮውን ዕለት ተከትለው ከ5 ወደ 6 ተሸጋገሩ። በ1900 ግን አልተሸጋገሩም፤ ቁጥሩን ይዘው ቀሩ። እኛ በሁለቱም ጊዜ ዕለቱን ተከተልን። ስለዚህ በ1800ዎቹ ሁሉ የእኛ ገና ለአውሮፓውያን ጃንዋሪ 6 ላይ ይውል ነበር፣ ልክ እንደ ፉላ። ከ1901 ጀምሮ ግን 7 ሆነ። እኛ በሁለቱም ጊዜ ታኅሣሥ 29ን አልነካናትም፤ የተንቀሳቀሰው ከሥሯ ያለው የእነርሱ ቁጥር ነው።

ስለ መዘግየት ካነሣን ስዊድንን ማለፍ አይቻልም። በ1699 ስዊድናውያን አንድ ረጋ ያለ ዘዴ አሰቡ። በአንድ ጊዜ 11 ቀን ከመዝለል፣ ከ1700 እስከ 1740 ያሉትን ፌብሩዋሪ 29ኞች ሁሉ ቢተዉአቸው፣ ማንም ሳይደናገጥ 11ዱ ቀን ቀስ በቀስ ያልቃል። በወረቀት ላይ ያምራል። በ1700 የመጀመሪያዋን ተዉአት። ከዚያ ከሩስያ ጋር ታላቁ የሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በ1704 እና በ1708 ግን ፌብሩዋሪ 29 እንደ ወትሮው ገባች። ስዊድን ከዱሮው አቆጣጠር በአንድ ቀን ቀድማ፣ ከአዲሱ በአሥር ቀን ዘግይታ፣ በዓለም ላይ ማንም የማይከተለውን ቀን ብቻዋን ስትቆጥር 12 ዓመት ኖረች።

በ1709 ንጉሡ ካርል 12ኛ በፖልታቫ ተሸነፈ። ያ አንድ ውጊያ ሦስት ቀን አለው፦ ለሩስያውያን ጁን 27፣ ለስዊድናውያን ጁን 28፣ ለቀረው አውሮፓ ጁላይ 8። ሦስቱም ግን ሰኞ ናቸው። የሳምንቱ ቀን አልተነካም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሦስት መዛግብት ሦስት ቁጥር ሲጽፉ፣ ስለ አንድ ዕለት እየተናገሩ መሆናቸውን የምታውቀው ሰኞ በማለታቸው ነው። በመጨረሻ ስዊድን ዘዴውን ትታ ወደ ዱሮው ለመመለስ፣ በ1712 የበላችውን አንድ ቀን መልሳ ጨመረች። ዓመቱ ቀድሞውንም ፌብሩዋሪ 29 ስለነበረው ትርፉ ቀን ፌብሩዋሪ 30 ተባለ። በዚያ ዕለት የተወለደ ሰው ልደቱን የሚያከብርበት ቀን ዳግም አልመጣለትም። አገሪቱ እንደ ሌላው ሰው በአንድ ጊዜ የዘለለችው በ1753 ነው፣ ከፌብሩዋሪ 17 ወደ ማርች 1።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ኢትዮጵያን አልነካትም ሲባል እሰማለሁ። ነክቷታል፤ ያውም ከእንግሊዝም ከስዊድንም በፊት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ። ዓፄ ሱስንዮስ በ1626 ለሮም ታማኝነታቸውን በይፋ ሲምሉ፣ ከአንድ ዓመት በፊት የመጣው ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ካዘዛቸው ነገሮች አንዱ ጾሙና በዓሉ በሮም አቆጣጠር እንዲሆን ነበር። ስለ ሁለት ባሕርይና ስለ ዳግም ጥምቀት ብዙ ተጽፏል። የቀኑ ነገር ግን በእያንዳንዱ ቤት ማጀት ድረስ የገባ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሒሳቡን ሠርቼ ማየት ፈለግሁ።

ዘመኑ ከ1700 በፊት ስለሆነ ልዩነቱ አሥር ቀን ብቻ ነው። የሮም ገና በእኛ ታኅሣሥ 19 ላይ ይውላል፣ የገብርኤል ዕለት። ጾመ ነቢያት ገና አሥር ቀን ይቀረዋል። የመስቀል በዓል ከመስከረም 17 ወደ መስከረም 7 ይመጣል፣ ጥምቀት ከጥር 11 ወደ ጥር 1። እነዚህ ቀኖች ለአንድ ገበሬ ምን እንደነበሩ አስቡት። ታኅሣሥ 19 ሲነግሥ የኖረውን ታቦት ትቶ ልደትን እንዲያከብር ይታዘዛል፤ ጾም ላይ ሳለ ፍሰክ ይባላል። ከዚያ ደግሞ የራሱ ታኅሣሥ 29 ሲመጣ ተራ ቀን ነው ይባላል።

ፋሲካውስ? እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ ያስገረመኝ። የሁለቱንም የፋሲካ ስሌት ከ1627 እስከ 1632 ዓመት በዓመት አሰላሁት። በ1627፣ በ1628፣ በ1629፣ በ1631 እና በ1632 የሮምና የእስክንድርያ ፋሲካ በአንድ እሑድ ላይ ይውላሉ። ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ዕለቱ አንድ ነው። የተለያዩት በ1630 ብቻ ነው፣ በአንድ ሳምንት። ምክንያቱ ፋሲካ በሁለቱም ዘንድ እሑድ መሆን ስላለበት ነው። የጨረቃ ስሌቱ በጥቂት ቀን ቢለያይም ቀጣዩ እሑድ ብዙ ጊዜ አንድ ይሆናል። ልክ በ2025 ሁላችንም ኤፕሪል 20 ላይ እንደፈሰክነው ማለት ነው። ጨረቃው በሙሉ ወር ሲለያይ ግን እንደ 2024 አምስት ሳምንት ይራራቃል፤ በዚያ ዓመት የሮሙ ማርች 31፣ የኛ ሜይ 5 ነበር።

ያች የ1630 ልዩነት ራሷ ደግሞ ልዩ ናት። የእስክንድርያው ፋሲካ በሚያዝያ 2 ይውል ነበር፣ የሮሙ ግን በመጋቢት 25። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህችን ሲያይ ይነቃል፤ በእኛ ስሌት ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ ከቶ አይውልም። የሮሙ ፋሲካ ከዚህ ገደብ በአንድ ቀን ወጣ። ለደብተራው ይህ ቀድሞ መጣ የሚባል ብቻ አይደለም፤ በስሌቱ ውስጥ ቦታ የሌለው ቀን ነው። ለክላቭዮስ ደግሞ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነበር፦ የእርሱ ማርች 21 ከእኛው በአሥር ቀን የቀደመ ስለሆነ፣ ፋሲካውም ከእኛ ገደብ እስከ አሥር ቀን ሊቀድም ይችላል።

ይህን ሒሳብ ይዤ ወደ ታሪኩ ስመለስ አንድ ነገር በሌላ ዓይን ታየኝ። አመፁ እየከፋ ሲሄድ ዓፄ ሱስንዮስ ሕዝቡን ለማረጋጋት ፈቃድ ሰጥተው ነበር። በዓላት በቀድሞው አቆጣጠር ይከበሩ፣ ፋሲካና ከእርሱ ጋር የሚሄዱት ግን በሮሙ ይቆዩ የሚል ነበር። ለሮም ወገን ዋናው ነገር ፋሲካ ስለሆነ እርሱን አልለቀቁም። በኑሮ ግን ሰውን በየዓመቱ ሳያሰልስ በአሥር ቀን ሲያናጋው የነበረው ገናው፣ ጥምቀቱና መስቀሉ ነበር፤ ፋሲካው በአብዛኞቹ ዓመታት አንድ ነበርና። ስለዚህ ያ ፈቃድ በቀን አቆጣጠር በኩል ብቻ ሲታይ ቁስሉን አብዛኛውን የሚሽር ነበር። የመጣው ግን ዘግይቶ ነው፤ ጠቡም ከቀን ያለፈ ነበር። በ1632፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ታኅሣሥ 29ም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ቀናችንን አልቀየርንም፤ የመቶ ዓመቱ ድንበር ግን እኛንም አልተወንም። የዐድዋን ድል ውሰዱ። በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የኢጣልያ መዛግብት ማርች 1 ቀን 1896 ይላሉ። ዛሬ ግን የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ነው የሚውለው። በዚህ ምክንያት «ውጊያው የተካሄደው ማርች 2 ነው» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ «በዓሉን በማግስቱ ነው የምታከብሩት» የሚሉም አጋጥመውኛል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ1888 ዓ.ም. ልዩነቱ 12 ቀን ስለነበር የካቲት 23 በትክክል ማርች 1 ነበር። በ1900 አውሮፓውያን ፌብሩዋሪ 29ን ሲያስቀሩ ልዩነቱ 13 ሆነ፣ የካቲት 23ም ከማርች 2 ጋር ተጋጠመ።

ይህን በራሳችሁ ለማረጋገጥ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ውጊያው እሑድ እንደነበር በሁለቱም ወገን ተጽፏል። ማርች 1 ቀን 1896 እሑድ ነው፣ ማርች 2 ሰኞ። የድሮ ደብዳቤ፣ የሹመት ወረቀት ወይም የመቃብር ጽሑፍ ቀን ወደ አውሮፓ ስትመልሱም መንገዱ ይኸው ነው። መስከረም 1ን ከሴፕቴምበር 11 ጋር የሚያጋጥመው የዛሬው ሒሳብ ከ1900 ወደ ኋላ አይሠራም፤ በ1800ዎቹ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 10 ነበር፣ በ1700ዎቹ 9፣ በሱስንዮስ ዘመን 8። ዘመነ ሉቃስ ካለፈ በኋላ በሚገባው ዓመት ደግሞ በአንድ ቀን ይጨምራል። ያገኛችሁት ቀን ሰነዱ ከሚለው የሳምንት ቀን ጋር ካልገጠመ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተዘለለው ድንበር እዚያ ውስጥ አለ።

ቀጣዩ ድንበር 2100 ነው። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ላይ ያበቃል። በ2092 ዓ.ም. የካቲት 23፣ የዐድዋ 204ኛ ዓመት፣ ማርች 3 ላይ ይውላል። በመስከረም ደግሞ ዘመን መለወጫችን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ገናችን ጃንዋሪ 8 ላይ ይደርሳል። ዛሬ በስልክና በኮምፒውተር መርሐ ግብር ውስጥ ገናን «ጃንዋሪ 7» ብሎ በቁጥር የሚያስር ሰው ካለ፣ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ብሎ ቢጽፈው ይሻላል፤ የዓመቱን ልዩነት ማሽኑ ያስላው።